የአቡ ኪናን የመጀመሪያ ማስታወቂያ

አቡ ኪናን በሠላሳ ዓመት የግንባታ ሕይወቱ፣ ስልክ ደውሎ ሊያገኘው ለሚችል ሰው ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። ይህንንም ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ ሳይናገር አያልፍም ነበር። አዲስ መሐንዲስ ሲቀጠር፣ ኮንክሪት አቅራቢው ሻይ ሊጠጣ ሲገባ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ከመስቀጥ ሰው ሲልክ፣ ያው ወሬ ይደገማል፦ ሥራውን ከሚቆጣጠረው አማካሪ ጋር የሚጻጻፍ ተቋራጭ ሥራ የፈታ ነው፤ እሱ ግን ነገሩን በአንድ ሳህን ፉል ይጨርሰዋል። ውሸት አልነበረም። ብዙ ሥራ በፉል ጨርሷል። ሰላላ ከተማ ላይ ብቻ አንድ አማካሪ «የዘገየህበትን ቀን እጨምርልሃለሁ፣ አታስብ» ብሎት ሳይሰጠው ተዛወረና፣ ድርጅቱ የዘገየበትን ሁሉ ከኪሱ ከፈለ። ስለ ሰላላ አቡ ኪናን አያወራም። ሌሎች ያወሩለታል። ዋና ሥራ አስኪያጁም ያኔ አንድ ነገር ነግሮታል፤ ሁለተኛ ከተደገመ ሥራ አስኪያጅነቱ እዚያው ያበቃል።

አሁን እዚያው ዑማን፣ ሱሃር ላይ የያዘው ሥራ የአንድ የግል ሆስፒታል ማስፋፊያ ነው። ከማስፋፊያው ሁሉ ከባዱ የካንሰር ሕሙማን በጨረር የሚታከሙበት ክፍል ነበር። ግድግዳው ከአንድ ሜትር በላይ ይወፍራል። ጨረሩ ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ወፍራም ብቻ ሳይሆን ሽንቁር የሌለው መሆን አለበት። ለኤሌክትሪክና ለአየር የሚገቡት ቧንቧዎች ግድግዳውን ቀጥ ብለው አይበሱትም፣ በሰያፍ ተጋድመው ያልፋሉ፤ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊትም ከፌሮው መካከል ቦታቸውን ይዘው መታሰር አለባቸው። ከተሞላ በኋላ መሰርሰሪያ ይዞ የሚጠጋ ሰው የለም። ስለዚህ የቧንቧዎቹ ንድፍ በአማካሪው ካልጸደቀ ግድግዳው አይሞላም፣ ግድግዳው ካልተሞላ ጣሪያው የለም፣ ጣሪያው ከሌለ የሕክምና ማሽኑን የሚተክሉት ሰዎች ከአውሮፓ አይነሡም።

ያ ንድፍ ነው የዘገየው። ረቡዕ ጠዋት ሃዲል ኮምፒውተሯን ታቅፋ ወደ አቡ ኪናን ኮንቴይነር የገባችው በዚሁ ጉዳይ ነበር።

ሃዲል የከረክ ልጅ ናት፣ ዮርዳኖሳዊት፤ የሳይቱን የውል ጉዳዮች የምትይዘው እሷ ናት። ሰውን በደብዳቤ ቁጥር የምታስታውስ ዓይነት ሴት ናት እያለ አቡ ኪናን ያማታል፤ ሲቀጥራት ግን ዋና መሥሪያ ቤቱን ለምኖ ነው ያስመጣት። ነገሩን በአጭሩ አስረዳችው። በውሉ መሠረት አማካሪው ንድፍ በደረሰው በዐሥራ አራት ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ካልሰጠና ሥራው ከዘገየ፣ ተቋራጩ ጊዜ ይጨመርልኝ ማለት ይችላል፤ ነገር ግን ችግሩን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በሃያ ስምንት ቀን ውስጥ ለባለቤቱ በጽሑፍ ካላሳወቀ መብቱ ይሞታል። በኋላ ምንም ማስረጃ ቢያመጣ አይሰማም። ክርክር እንዳይነሣ ብላ መልሱ መምጣት ከነበረበት ቀን ጀምራ ነው የቆጠረችው። ነገ ሐሙስ ያልቃል።

«የማስታወቂያ ደብዳቤው ረቂቅ ደርሷል፤ የሚቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው» አለችው። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ንድፉን በጊዜው አስገብተናል፣ የአማካሪው የመቀበያ ማህተም አለበት። ዐሥራ አራቱ ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ግን እኛው ራሳችን አስመልሰነዋል። ‹ለራሳችን ማሻሻያ› ይላል፣ የእርስዎ ፊርማ ነው። ከሁለት ሳምንት ተኩል ገደማ በኋላ ደግመን አስገባን፣ እነሱም በዘጠኝ ቀን አጸደቁ። ሁለቱን ንድፎች አንድ ላይ ዘርግቼ አየኋቸው። አንድ መስመር እንኳ አልተሻሻለም።»

አቡ ኪናን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። መነጽሩ ንጹሕ ነበር።

የሆነውን እሱ ያውቃል። የአማካሪው ተጠሪ ኢንጂነር ረፍዓት የጣንጣ ሰው ነው፣ ግብጻዊ፣ ከአቡ ኪናን ጋር በሦስተኛ ሥራቸው ላይ ናቸው። ሚስቱ አገር ቤት ሳለች ልቧን በድንገት ታመመችና ረፍዓት ከእንግዳ ማረፊያው በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ሄደ። ምክትሉ ለሥራው አዲስ ነው፤ የጨረር ክፍልን ንድፍ በራሱ ላጽድቅ ብሎ የሚደፍር አልነበረም። የአማካሪው ድርጅት ደግሞ በየወሩ አንድ ሰንጠረዥ ያወጣል፤ ጊዜው ያለፈበት ንድፍ በቀይ ይቀለማል፣ ቀይ የበዛበት ተጠሪ ለጥያቄ ይጠራል። ረፍዓት ከሆስፒታል ኮሪደር የድምፅ መልእክት ላከ። ረጅም ነበር። ንድፉን ለጊዜው አስመልሱት፣ ስመለስ እንደገና አስገቡት፣ አለው። አቡ ኪናን መልእክቱን እስከ ግማሽ ሰማው፣ የወዳጁ ድምፅ መሰበር ሲጀምር አላስቻለውም፣ አጠፋውና «እሺ ወንድሜ፣ አንተ ሚስትህን ብቻ አስብ» ብሎ ጻፈለት። በዚያው ከሰዓት ማስመለሻውን ፈረመ። እንዲህ ዓይነት ነገር በዚያ አገር ሳይቶች ላይ በየዕለቱ ይደረጋል፣ ማንም ክፉ አላሰበበትም። ክፉው ነገር በወረቀቱ ላይ መዘግየቱ የተቋራጩ የራሱ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ለሃዲል ይህንን ሁሉ ነገራት። የሚስቲቱን ነገር ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ሃዲል ሰምታው ስትጨርስ ረቂቁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር እንዳለባት ተናገረች፦ ንድፉ የተመለሰው በአማካሪው ተጠሪ ጥያቄ ነው የሚል። ይህ ከሌለ ባለቤቱ የማስመለሻውን ወረቀት አውጥቶ ያሳያቸዋል፣ ጉዳዩም በአንድ ደቂቃ ይዘጋል።

«ያንን አልጽፍም» አለ አቡ ኪናን።

«ስም አልጠራም።»

«እዚህ ሳይት ላይ ስንት ተጠሪ አለ? ስሙን መጥራት ምን ይጨምራል? ሰውዬው ሚስቱ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ለመነኝ፣ አሁን ደግሞ ያንን ልመናውን ለባለቤቱ ላቀብል? ተይው። ጊዜውን ሮጠን እናካክሰዋለን።»

«ማካካስ እንችል እንደሆነ ስሪጂትን እንጠይቀው» አለች ሃዲል።

ስሪጂት የኬረላ ሰው ነው፣ የሥራውን መርሐ ግብር የሚያወጣው። ጠባዩ ልስልስ ነው፣ ዜናው ግን ሁልጊዜ ክፉ ነው፤ ሲያዩት ሰዎች መንገድ ይቀይራሉ። የታደሰውን መርሐ ግብር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና በቀይ የተሳለውን መስመር በጣቱ ተከተለ። ይህ ወሳኙ መስመር ነው፤ አንዱ ሥራ ካላለቀ ሌላው የማይጀመርበት፣ በላዩ ላይ የጠፋ ቀን ሁሉ ከርክክቡ ቀን ላይ የሚጠፋበት። ቀድሞ ወሳኙ መስመር በዋናው ሕንፃ ጣሪያ በኩል ነበር የሚያልፈው፤ የጨረሩ ክፍል ግድግዳ አንድ ሳምንት መጠባበቂያ ነበረው። ንድፉ ሃያ አራት ቀን ዘገየ። የመጀመሪያውን ሳምንት መጠባበቂያው ዋጠው። ከዚያ በኋላ መስመሩ ዞሮ በግድግዳው በኩል አለፈ፣ የቀሩት ዐሥራ ሰባት ቀናትም እንዳሉ ወደ ርክክቡ ሄዱ።

አቡ ኪናን የሚቆረጥ ቦታ እንዲያሳየው ጠየቀ። ማሽኑን የሚተክሉት ሰዎች ቀናቸውን አይቀንሱም፣ አለ ስሪጂት፤ ሙከራውም በሕግ የተወሰነ ነው። ሌሊትም እንዲሠራ ቢደረግ ሦስት አራት ቀን ይገኛል። ከዚያ በላይ የሚቆረጥበት ቦታ አንድ ብቻ ነው። ጣቱን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። ወፍራም ኮንክሪት ሲጠነክር በውስጡ ይግላል፤ ውጭው ቀዝቅዞ ውስጡ ከጋለ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየክፍሉ ይሞላል፣ በየሙሌቱ መካከል ይጠበቃል፣ ኮንክሪቱን የያዘው ካሳፎርማም ቶሎ አይነሣም። ያንን መጠበቂያ ከቆረጡ ቀኖቹ ይገኛሉ።

«በሰኔ ሙቀት?» አለ አቡ ኪናን።

«በሰኔ ሙቀት፣ ሰር። እኔ ቀኑ የት እንዳለ ነው ያሳየሁት። ይቆረጥ አላልኩም።»

አቡ ኪናን የራስ ቁሩን አንሥቶ ወጣ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ፌሮ ሠሪዎቹ ከጥላው ስር ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። ቧንቧዎቹ በፌሮው መካከል ተጋድመው ታስረዋል፤ የረፍዓት ፊርማ ያለበት ንድፍ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ እንጨቱ ላይ ተሰቅሏል። ቆሞ አየው። እናቱ በትውልድ ከተማው በሐለብ በጨረር ስትታከም ደጅ ሆኖ የጠበቃትን ጊዜ አስታወሰ፤ ከእሷ ጋር አብሮ መግባት አይፈቀድም ነበር። በሩ ሲዘጋ ከግድግዳው ወዲህ ማሽኑን የምታንቀሳቅስ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው፣ በየቀኑ። ያቺ ልጅ ያመነችው ግድግዳውን ነው። እዚህም አንዲት ልጅ ትቀመጣለች። ተጨማሪ ቀን ካላገኘ ዋናው መሥሪያ ቤት አቻኩል ይለዋል፣ እሱም አለቆቹን እያየ ያቻኩላል፤ ራሱን ያውቀዋል፣ ከሰላላ በኋላ እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ፈራ። ስለ ሥራው ብቻ አልነበረም የፈራው።

ተመልሶ ሃዲል ፊት ተቀመጠ። «አንብቢልኝ» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ለሃዲል ፈተና ነበር። አቡ ኪናን በሕይወቱ ደብዳቤ ስላልጻፈ ደብዳቤ ማለት ይቅርታ መጠየቂያ ይመስለዋል። «በታላቅ አክብሮት»ን ሦስት ቦታ አስገባ። «ዘግይቷል» የሚለውን «እንደታሰበው አልፈጠነም» በይው አለ። «ምናልባት» ጨመረ። «ውድ ወንድማችን ኢንጂነር ኸልፋን» ብሎ ይጀመር አለ፤ ኸልፋን የሆስፒታሉ ባለቤት ወኪል ነው፣ ዑማናዊ፣ ጨዋ ሰው።

«እርስዎ ደግሞ የሰርግ ጥሪ አስመሰሉት» አለችው። «ለስላሳ ቃል እዚህ ላይ ለማንም አይጠቅምም። ‹ምናልባት ይዘገይ ይሆናል› ካልን፣ ነገ ‹እናንተ ራሳችሁ እርግጠኛ አልነበራችሁም› ይሉናል። ማስታወቂያ ክስ አይደለም። ምን ሆነ፣ መቼ ሆነ፣ የትኛው የውሉ አንቀጽ ነው፣ ምን ላይ ጉዳት አደረሰ፣ ጊዜ እንጠይቃለን፣ ዝርዝሩን እናስከትላለን። በቃ።»

«እንግዲያው ሃያ አራቱንም ቀን ጠይቂ» አለ እልህ ይዞት። «ከተጣላን አይቀር።»

ይህንንም እምቢ አለችው። ሰባቱ ቀን የማንንም ሥራ አላዘገየም፤ የሌለ ቀን ከጠየቁ፣ ያለውንም ሰባራ ያደርግባቸዋል። ስሪጂት ከበሩ ላይ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። አቡ ኪናን ሁለቱን በየተራ አያቸውና፣ ሁለታችሁም አንድ ቀን ሹመት አግኝታችሁ ከዚህ ጥፉልኝ ብሎ ተስማማ። ጽሑፉ መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦

«ጉዳዩ፦ የሥራ ንድፍ ዘግይቶ በመጽደቁ ምክንያት የጊዜ ማራዘሚያ የሚጠየቅ መሆኑን ስለማሳወቅ። በጨረር ሕክምና ክፍሉ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩት ቧንቧዎች ንድፍ በውሉ በተወሰነው ጊዜ ያልጸደቀ መሆኑን እናሳውቃለን። ንድፉ ከመጀመሪያው ገቢ ከተደረገ በኋላ የተመለሰው በአማካሪው ተጠሪ ጥያቄ ሲሆን፣ ያለ ምንም ለውጥ በድጋሚ ገቢ ተደርጓል። ንድፉ ሳይጸድቅ ግድግዳው ሊሞላ ባለመቻሉ ወሳኙ የሥራ መስመር በዐሥራ ሰባት ቀናት ተገፍቷል። የታደሰው መርሐ ግብር ተያይዟል። ዝርዝር ማስረጃውን በውሉ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ እናቀርባለን።»

ማስረጃ የሚለው ላይ ሃዲል ቀና አለች። የረፍዓት ጥያቄ በጽሑፍ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። የድምፅ መልእክት እንዳለ ነገራት። ይሰጠኝ አላለችም፣ እሱም እንኪ አላላትም፤ ለማስታወቂያው ዛሬ አያስፈልግም፣ ለዝርዝሩ ግን እንደሚያስፈልግ ሁለቱም ገባቸው።

በዚያ ሳይት ሐሙስ ጠዋት አቡ ኪናንና ረፍዓት አብረው ነው ቁርስ የሚበሉት፣ በአማካሪው ኮንቴይነር ውስጥ። ፉሉን አቡ ኪናን ያመጣል፤ ረፍዓት ደግሞ የሐለብ ሰው ፉል አያውቅም እያለ እየሰደበው ይበላል። ሃዲል ደብዳቤው በቀጥታ ይሂድ ብላ ነበር፣ ለአማካሪው ግልባጩ ይደርሰዋል። አቡ ኪናን ይህን እሺ አላለም። ሰው ከጀርባው ሊሰማው አይገባም፣ አለ። ፉሉንም ደብዳቤውንም ይዞ ሄደ።

ረፍዓት ሚስቱ ከአልጋ መነሣቷን እየነገረው ሳህኑን አወጣ፣ ቀይ ሽንኩርት ከተፈ። አቡ ኪናን መብላት አቃተው። ደብዳቤውን ከዳቦው አጠገብ አኖረው። ረፍዓት እጁን ጠርጎ አነበበ። አንድ ጊዜ አንብቦ፣ መነጽሩን አስተካክሎ ደገመ።

«አንተ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርክ?»

«ጀመርኩ።»

«በኔ።»

አቡ ኪናን ሌላ መንገድ እንዳጣ አስረዳው። ስለ ግድግዳው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ዛሬ ስለሚያልቀው ቀን ነገረው። ረፍዓት እሱ የሚጠብቀውን መልስ ሰጠው፤ አቡ ኪናን ራሱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለስንቱ ሰው የሰጠውን። ያዘው፣ አለው፤ ሥራው ሲያልቅ አንድ ላይ ተቀምጠን ሁሉንም እንፈታዋለን፣ ያኔ ዐሥራ ሰባት ሳይሆን ወር እሰጥሃለሁ።

«ሥራው ሲያልቅ አንተ እዚህ ትኖራለህ?» አለው አቡ ኪናን። «እኔስ? ሰላላ ላይም እንደዚሁ ተብዬ ነበር።»

ረፍዓት ዳቦ ቆርሶ ሳይበላው መልሶ አስቀመጠው። «ያንን መልእክት እስከ መጨረሻው ሰምተኸዋል?»

«የሚበቃኝን ሰምቻለሁ።»

«አልሰማኸውም ማለት ነው» አለ ረፍዓት፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ የደብዳቤውን አንድ መስመር በጀርባው ነካ አደረገ። «ይህ ትክክል አይደለም።»

አቡ ኪናን አሁን ሊክደኝ ነው ብሎ አሰበ፣ በሐሳቡም አፈረ።

«‹በአማካሪው ተጠሪ ጥያቄ› ትላለህ። እኔ በዚያ ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበርኩ፤ በወረቀት ተጠሪው ምክትሌ ነው። ይህን ኸልፋን ሲያነብ ልጁን ነው የሚጠራው። ልጁ ምንም አላደረገም፣ ወረቀቱ ሲመለስ እንኳ አልነገርኩትም። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት።» ብዕሩን አቀበለው። «ካረድከኝ በደንብ እረደኝ። ስሜን ጻፍ። በፈቃድ ላይ ሳለሁ፣ በቃል የጠየቅሁት እኔ ነኝ፣ ቀኑንም ጨምር። ሲጠይቁኝ አዎ እላለሁ። በጽሑፍም እሰጥሃለሁ፤ ያንን ድምፅ ለማንም እንዳታሰማ። ሚስቴ የምትሞት መስሎኝ ነበር።»

አቡ ኪናን ለሃዲል ደወለ። መስመሩን አስተካክላ አተመችና ራሷ ይዛው መጣች፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ያልተነካ ፉል መሃላቸው አድርገው ተቀምጠው አገኘቻቸው። አቡ ኪናን ፈረመ። ረፍዓት ግልባጩን ወሰደ፣ የመቀበያ ማህተሙን አሳረፈ፣ ሰዓቱን በእጁ ጻፈበት፣ በስሙ ሥር ፈረመ። ሃዲል ዋናውን ይዛ ወደ ኸልፋን ቢሮ ስትነዳ፣ የሐሙስ ሥራ ሊያልቅ ገና ጊዜ ነበረው። ኸልፋን ተምር አቀረበላት፣ ደብዳቤውን አነበበ፣ አቡ ኪናን ደኅና ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ደኅና ነው አለችው። ማህተም አስደረገችና ተመለሰች።

ቀጣዩ ነገር በደብዳቤ ብቻ ሆነ። ረፍዓት ቃሉን ጠበቀ፤ በአንድ ገጽ የሆነውን ሁሉ ጻፈ፣ ዝርዝሩ ላይ ተያያዘ። የአማካሪው ድርጅት ጠርቶ አናገረው፣ ከዚያም ከሳይት አንሥቶ ቢሮ ውስጥ አስቀመጠው፣ የኮንትራት ዘመኑ ሲያልቅም አላደሰለትም። እስኪሄድ ድረስ ሐሙስ ቁርስ አልነበረም፤ አንዳቸውም ቁርሱ ይቅር አላሉም፣ እንዲያው ቀረ። ባለቤቱ ዐሥራ ስድስት ቀን ፈቀደ፤ አንዱን ቀን ለምን እንደቀነሰ ስሪጂት እስከ ዛሬ አልገባውም። ግድግዳው በየክፍሉ ተሞላ፣ በየመካከሉ ተጠበቀ፣ ዋናው መሥሪያ ቤትም አንድ ቀን አላቻኮለም። ካሳፎርማው ሲነሣ አቡ ኪናን በባትሪ መብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸው። አንድ ስንጥቅ አልነበረበትም። ሊያሳየው የፈለገው ለአንድ ሰው ነበር፣ እሱም በዚያ ሳምንት ወደ ጣንጣ ሄዷል።

ከግድግዳው ሲመለስ መኪናው ውስጥ ገብቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ። ስልኩን አወጣና የረፍዓትን መልእክት ፈለገ። ለማንም አላሰማውም፣ ለራሱም ደግሞ አልሰማውም ነበር። ከመጀመሪያው ጀመረ። ኮሪደሩ ውስጥ ጋሪ ሲገፋ ይሰማል። ረፍዓት ስለ ሐኪሙ ያወራል፣ ንድፉን አስመልሱት ይላል፣ ድምፁ ይሰበራል። ያኔ ያጠፋው እዚህ ላይ ነበር። አሁን ተወው፣ ይቀጥል።

ረፍዓት አፍንጫውን ሲጠርግ ተሰማ። «ግን ስማኝ ወንድምዓለም» አለ። «ሥራህን የሚነካብህ ከሆነ እንዳታደርገው። ተወው፣ ቀይ ይሁን። ቀይ ገድሎኝ አያውቅም፣ ተመልሼ እመልስበታለሁ። አንተ ደግ ነኝ ብለህ የማይሆን ነገር ትፈርማለህ፣ አውቅሃለሁ። በጽሑፍ አስታውቀኝ፣ አልቀየምህም።»

አቡ ኪናን ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። በጽሑፍ አስታውቀኝ። ያን ቀን አንድ መስመር ጽፎ ቢሆን ንድፉ በቀይ ይዘገይ ነበር፣ ቀኑም ይሰጣቸው ነበር፣ ማንም ሰው ከሥራው አይነሣም ነበር። ይህን ሁሉ ያመጣው የረፍዓት ልመና ሳይሆን የእሱ ደግነት ነው፤ ደግ መባል ደስ ስለሚለው እስከ መጨረሻው እንኳ አላዳመጠም። አለቀሰ፣ መኪናው ውስጥ ማንም አያየውም ብሎ፤ ፌሮ ሠሪዎቹ ግን አይተውታል።

ሊደውል ቁጥሩን አወጣ፣ ተወው። ጻፈ። መጀመሪያ ከልማድ ውጭ ሆኖበት «በታላቅ አክብሮት» ብሎ ጀምሮ ነበር፣ አጠፋው። «መልእክትህን ዛሬ ነው የጨረስኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግድግዳው አልተሰነጠቀም» አለና ላከው።

መልሱ ከቆየ በኋላ በድምፅ መጣ፣ ረጅም ነበር። አቡ ኪናን ሞተሩን አጠፋ፣ ማቀዝቀዣው እንዳይረብሸው። አብዛኛው ስለ ሚስቱ መድኃኒት ነበር፣ ስለ ጣንጣ ፉልም ነበረበት፣ መሃል ላይም ሰውዬው ሰድቦታል። ላቡ በአንገቱ እየወረደ እስከ መጨረሻው አዳመጠው።